ያፌት የጨመረው ሜሞሪ

እኔ ሳምራዊት፣ ማሽን ገና ስትነሳ ችግሯን አውቃለሁ እል ነበር። ጉራ ነው።

ገርጂ ያለው የኮምፒውተር ጥገና ቤታችን ሦስት ሰው ነው፦ ባለቤቱ ጋሼ ገብረሰንበት፣ ያፌትና እኔ። ማክሰኞ ዕለት ኣርያም የምትባል አርክቴክት ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። በሥራ መሃል ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ማሽኑ እንደገና ይነሳል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የስህተት ኮድ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል። ባለፈው ወር ሜሞሪ የጨመረላት ያፌት ነው፣ ከመገናኛ ገዝቶ። ከዚህ በላይ ምን ይመረመራል? «ያፌት ያስገባው ሜሞሪ ብልሹ ነው» ብዬ ለጋሼ ጻፍኩላቸው።

«አሮጌ ዕቃ አዲስ ነው ብለህ አምጥተሃል» አሉት ጋሼ። «ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ።»

ያፌት አልጮኸም። «ዕቃው አዲስ ነው» አለ፣ በቃ።

ሜሞሪውን አውጥቼ የድሮውን መለስኩ። ረቡዕ እንደገና ሰማያዊ፤ ኮዱ ደግሞ ሌላ። ሐሙስ ሦስተኛ ኮድ። የያፌትን ሜሞሪ ሌላ ማሽን ላይ ቀኑን ሙሉ ፈተንኩት፤ አንድም ስህተት የለውም። ግራ ገባኝ፣ ተናደድኩም።

ዊንዶውስ ሲወድቅ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ ቆንጥሮ ሚኒደምፕ በሚባል ፋይል ያስቀምጣል። ማክሰኞ መክፈት የነበረብኝን ሐሙስ ከፈትኩ። ሦስቱም ፋይሎች የሚጠቁሙት የዊንዶውስን የራሱን ዋና ፋይል ነው። ይህን ማመን አይቻልም፤ ቤቱ የተዘረፈ ሰው ሌባ አይባልም።

ስለዚህ ቬሪፋየር የሚባለውን የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ከዊንዶውስ ጋር ባልመጡ ድራይቨሮች፣ ማለትም የማሽኑን ዕቃዎች በሚያሠሩ ፕሮግራሞች ላይ አበራሁት። ድራይቨር ከተሰጠው የሜሞሪ ቦታ አልፎ ሲጽፍ እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል። አርብ ጠዋት ማሽኑ ወደቀ፤ አዲሱ ደምፕ አንድ ስም አወጣ፦ ዓመታት ያለፉበት የዋይፋይ ድራይቨር። የሌሎችን ቦታ እያበላሸ ነበር፤ የሚወድቀው በየጊዜው ቦታው የተበላሸበት ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ ነው ኮዱ የሚለያየው።

ከየት መጣ? የተጫነበትን ቀን አየሁ። ያፌት ሜሞሪውን የጨመረ ዕለት ነው፣ እኔ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ስጭን። ኢንተርኔቱ ስለሚያዘግመን ከፍላሼ ላይ ያጠራቀምኩትን የድራይቨር ጥቅል፣ ምንም ሳልመርጥ፣ ሁሉንም እጭነዋለሁ። ለስንት ደንበኛ እንደጫንኩት እንኳ አላስታውስም።

«ተገኘ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

ያፌት ጥግ ላይ መፍቻዎቹን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ተገኝቷል ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሜሞሪው ደህና ነው። የጻፍኩልዎትን ሳልመረምር ነው የጻፍኩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያፌት፣ በል ካርቶኑን አስቀምጥ።»

አላስቀመጠም። እኔን አየኝ።

«ሦስት ፋይል ከፍተሽ መርምረሻል» አለ። «እኔ ግን አጠገብሽ ነበርኩ፤ አንዴ እንኳ አልጠየቅሽኝም።»

ካርቶኑን አንስቶ ወጣ።