ስድሳ ሦስት ጊዜ የተጻፈ አድራሻ

«ቴምብር» የሚለውን ስም ያወጡላት የድሮ መሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው። የውሃ ፓምፕ በሚያስመጣ ድርጅት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ፣ እጇ የገባ ደብዳቤ መድረሻው ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም፤ ከተለጠፈች አትላቀቅም ለማለት ነው። ስሙን ትወደው ነበር። ዛሬ ግን መንገድ ላይ አንድ ሰው «ቴምብር!» ብሎ ቢጣራ፣ ያልሰማች መስላ የምታልፍ ይመስለኛል።

አዲሱ ሥራዋ አንድ ማሰልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ያው ወረቀት፣ ያው ማህተም፣ ያው የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ። ባሏ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲያወርድ ወገቡን ተመትቶ ከተኛ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ሁለት ዓመት ያለ ቋሚ ሥራ እንዴት እንደከረሙ እሷና ልጇ ያውቁታል። ስለዚህ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው የሰው ኃይል ኃላፊው ሲያስጠሯት የያዘችውን መዝገብ ሳትዘጋ ሄደች።

ኃላፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኪሳቸውን የሚዳብሱ፣ ክፉ ቃል የማይወጣቸው፣ ደንብ ላይ ግን ፍንክች የማይሉ ሽማግሌ ናቸው።

«የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ልናጣራ መልእክተኛ ልከን ነበር» አሏት። «ወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻ ፋርማሲ ሆኗል። ስልኩም አይሠራም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሽበት ቤት ነው፤ የት እንደገቡ አታውቂም?»

ታውቃለች። ከቀለም ፋብሪካው ፊት ለፊት፣ ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የቢሮ ቁጥር አሥራ አራት። ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት አትስትም።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለች።

አድራሻው ከአፏ ከወጣ የቀረውም ተከትሎ የሚወጣ መስሏት ነው። ኃላፊው ግን ምን አውቀው!

«እንግዲያው በፖስታ ሣጥን ቁጥራቸው ጻፊላቸው። ሰው ቢሮ ቢቀይር ሣጥኑን አይቀይርም። ማስረጃውን በአደራ ደብዳቤ ስለምልከው፣ ፈርሞ የሚረከብ ሰው ያለበትን ቢሮ ማወቅ አለብኝ። አርቅቂና አምጪልኝ።»

ሄዳ አረቀቀች። «ጉዳዩ፦ የአሁኑን የቢሮ አድራሻችሁን እንድትገልጹልን ስለመጠየቅ።» ከዚያም ወረድ ብላ፣ «በድርጅታችሁ ያገለገሉ ሠራተኛ ያቀረቡትን የሥራ ልምድ ማስረጃ ትክክለኛነት ለማረጋገጥ፣ ማስረጃውን በአደራ ደብዳቤ ለመላክ እንድንችል…» ስለ ራሷ «ያገለገሉ ሠራተኛ» ብላ በአንቱታ ስትጽፍ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ቤቷ ቁምሳጥን ላይ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ይህንኑ አድራሻ የያዙ ስድሳ ሦስት ደብዳቤዎች ተቀምጠዋል። እሷ ደግሞ አድራሻውን እባካችሁ ንገሩን እያለች ትለምናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ድርጅቱ ቢሮ ሊቀይር ሲሰናዳ የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ቦታ ተለቀቀ። ሁሉም ለሷ ነው ብሎ ሲጠብቅ ትናንት ለመጣ ሰው ሰጡት። ሆድ ባሳት። የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባች። በመጨረሻው ሳምንት የድርጅቱ ጸሐፊ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው አንጋፋ ሴት፣ ለደንበኞች በሙሉ የአድራሻ ለውጡን የሚገልጹ ስድሳ ሦስት ፖስታዎች አቅፈው መጡና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፏቸው። «በይ ቴምብርዬ፣ የመጨረሻ ሥራሽ ነው» ብለዋት ሄዱ። እሷም ጥርሷን ነክሳ አየቻቸው። አዲሱ ኃላፊ ይላካቸዋ! ወጪ መዝገብ ላይ ሳታሰፍር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ሰኞ እልካቸዋለሁ፣ ትንሽ ይቃጠሉ፣ አለች በልቧ።

ሰኞ ግን አልላከችም። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ መላኩ አሳፈራት፤ ወሩ ካለፈ በኋላ ማሰቡም አሳፈራት። መጣሉንም አልቻለችበትም። የታሸገ ደብዳቤ ቀድዶ መጣል የመዝገብ ቤት ሰው እጅ እሺ አይልም። እና እዚያው ቁምሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። አንድ ቀን ልጇ ብርድ ልብስ ስታወርድ ከረጢቱ ወደቀና፣ «እማ፣ ይሄ ሁሉ ፖስታ ምንድነው?» አለቻት። «የሰው ዕቃ ነው፣ አትንኪው» አለች። ልጅቷ ሌላ አልጠየቀችም፤ እናቷን ግን አየት አደረገቻት። ያቺ አስተያየት እስከ ዛሬ ትከነክናታለች።

ለፖስታ ሣጥኑ ደብዳቤ መልስ ሳይመጣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ኃላፊው የቀን መቁጠሪያውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ወድጄ አይደለም፣ ልጄ። ማስረጃው ሳይጣራ ቋሚ አላደርግሽም።»

«የደብዳቤውን ግልባጭ ይስጡኝና አፈላልጌ ላድርስላቸው» አለች።

«አድራሻ መጠየቂያውን ውሰጂው፣ ችግር የለውም። ማስረጃውን ግን አይደለም፤ ባለቤቱ ይዞት አይዞርም።»

በማግስቱ ጠዋት ስትወጣ ከረጢቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። ለምን እንደጨመረችው ለራሷም አልነገረችም። የቀለም ፋብሪካው ጋ ወረደች፤ ማንንም ሳትጠይቅ ደረጃውን ወጣች፤ አሥራ አራት ቁጥርን አንኳኳች።

እትዬ ነበሩ የከፈቱት። ጸሐፊ ክፍል ውስጥ አልነበሩም፤ በር አጠገብ፣ የእንግዳ መቀበያዋ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጡት። ኮምፒውተር የለም። አንድ የእንግዳ መመዝገቢያ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ።

«ቴምብር!» አሉ፤ ቀጥሎም ደስታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። «እንዴት አገኘሽን? ሰው ሁሉ ጠፍቶናል እያለ…»

ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዝግ ብለው አነበቡት።

«የመጀመሪያው ደርሷል» አሉ። «አዲሱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ፋይል ውስጥ ከቶት ሳይመልስ ቀርቶ ነው። ያንቺን ማስረጃ የተየብኩት እኔ ነበርኩ፤ ታስታውሻለሽ? ‹በታማኝነትና በትጋት ሲያገለግሉ ቆይተው በገዛ ፈቃዳቸው› ብዬ። ‹በታማኝነት› የሚለውን ሥራ አስኪያጁ አላሉም፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት።»

ቴምብር መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እትዬ፣ ለምንድነው እዚህ የተቀመጡት?» አለች፣ መልሱን እየፈራች።

«ወይ አንቺ!» ከመሳቢያቸው አንድ የተጠማዘዘ ደብተር አወጡ። የራሳቸው የርክክብ ደብተር ነው፤ የተየቡትን ለማን እንዳስረከቡ የሚጽፉበት። ገለጡና ጣታቸውን አሳረፉበት። «የአድራሻ ለውጥ ደብዳቤ፣ ስድሳ ሦስት፣ ለመዝገብ ቤት» ይላል። የተረካቢ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

«ደንበኛ ሁሉ የድሮው በር ተዘግቶበት ተመለሰ። ስልኩም ተቀይሮ ነበር። ግማሹ ሌላ ቤት ሄዶ ቀረ። ደብዳቤው ማን ጋ ቀረ ሲባል መዝገብ ቤት የገባ የለም ተባለ፤ ወጪ መዝገቡ ላይም የለም። ሰጥቻታለሁ አልኩ። ፊርማዋ የታለ አሉኝና ከጸሐፊ ክፍል አውጥተው እዚህ አስቀመጡኝ።» ደብተሩን ዘጉት። «ሁሉንም አስፈርም ነበር እኮ። ሾፌሩን፣ ተላላኪውን፣ ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር። አንቺን ማስፈረም ግን ነውር መሰለኝ። ቴምብርን ያስፈርማል እንዴ ሰው?»

ምንም አልተቆጡም። ቢቆጡ በቀለላት ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ ከረጢቱን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እትዬ ከላይ ያለውን ፖስታ አነሱት፤ የራሳቸውን አተያየብ አወቁት። አንድ ሁለቱን አገላበጡ። እንዳልተከፈቱ አዩ። መልሰው ከረጢቱ ውስጥ ከተቷቸው።

«ቁምሳጥን ላይ ነበሩ» አለች ቴምብር። ድምጿ የሌላ ሰው ሆነባት። «ተናድጄ ነው። እርስዎ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ይቅርታ ልልዎት እንኳ አፍራለሁ።»

«ፈርሚ» አሉ እትዬ።

ደብተሩን ገልጠው አዞሩላት። እስክሪብቶውን ይዛ ባዶው ቦታ ላይ ፈረመች፤ ቀኑን የዛሬን ጻፈች። እትዬ ደብተሩንም ከረጢቱንም ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። በሩ ስላልተዘጋ ሁሉም ይሰማ ነበር፤ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ከፍ ሲል ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆመች። ብትሄድ ማንም አይይዛትም ነበር። አልሄደችም።

እትዬ ሲመለሱ በእጃቸው የተፈረመበትና ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነበር። አድራሻው፣ ፎቁ፣ የቢሮ ቁጥሩ፣ አዲሱ ስልክ፣ ሁሉም አለበት።

«ይኸው አድራሻችን» አሉ። «ማስረጃውን ይላኩት።»

«ሲደርስስ… ትክክል ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ?»

«አሥራ አንድ ዓመት መሥራትሽ ትክክል ነው፤ እሱን ማንም አይነካውም። ያቺን አንድ ቃል ግን ሥራ አስኪያጁ ናቸው የሚያዩዋት። እኔ ከእንግዲህ ከራሴ አልጨምርም።» ትንሽ ቆዩና፣ «ባልሽ ወገቡን ተመትቶ ተኛ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዴት ነው?» አሏት። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ኮሌጁ ስትደርስ ኃላፊው ደስ አላቸው። የመልሱን ቁጥርና ቀን አመሳከሩ፤ ማስረጃውን ከፋይሏ አውጥተው ከማጣሪያ ደብዳቤው ጋር ፖስታ ውስጥ ከተቱት፤ አሸጉት። ከዚያ በሩን አየት አድርገው ተንፈስ አሉ።

«መልእክተኛው ፈቃድ ላይ ነው። ደንቡ ባለቤቱ አይላከው ይላል፤ ወጪ ደብዳቤ ክፍል ደግሞ ራስሽ ነሽ። ምን ይደረግ! በይ ያዥ፣ በአደራ ላኪልኝ። አንቺን አምንሻለሁ።»

ፖስታውን አልተቀበለችም። ኃላፊው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ፖስታው ስስ ነበር፤ ‹በታማኝነት› የምትል አንዲት ቃል ብቻ ያለችበት መሰላት። ቢጠፋ ማንም አያውቅም። ፖስታ ቤት አጠፋው ማለት ይቻላል፤ እሷ ደግሞ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃለች።

«ያስፈርሙኝ፣ ጋሼ» አለች።

«ምን ያስፈርማል? ለአንዲት ፖስታ…»

«ያስፈርሙኝ። እኔን ሳያስፈርሙ ደብዳቤ የሰጡ ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ተቀምጠዋል።» መዝገቡን ራሷ ጎትታ ከፊታቸው ገለጠችው። «ደግሞ አድራሻውን አላውቅም ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር። ፈርሜ ልቀበልና፣ ልኬው ደረሰኙን ይዤ ስመጣ ለምን እንደዋሸሁ እነግርዎታለሁ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዐይናቸው ላይ አደረጉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈልጉ አገኙት። ትክ ብለው አዩዋትና እስክሪብቶውን አቀበሏት።