ሚልኬሳ የሞላው ሰዓት

«አባባ፣ ምንጩን ይጫኑት» አልኳቸው በስልክ።

አባቴ ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ተሰማኝ።

«ምን አልሽ ሶሬ?»

«ምንጩን። ከላይ በኩል ያለውን።»

«የላይኛው ምንጭ ከተደፈነ ስንት ዓመቱ! ዛሬ ደግሞ ምን አስታወሰሽ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ጉርድ ሾላ ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ፣ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ «ሶርስ» የሚለውን ቁልፍ በአማርኛ ልጥራው ብዬ ነበር። ፍላሹን፣ ዲኮደሩን፣ ምስሉ የሚመጣበትን መንገድ ሁሉ የሚያስመርጠው ቁልፍ ነው። ለአባቴ ግን ምንጭ አንድ ብቻ ነው። ካራ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ከድሮው ማሳችን በላይ ይፈስ የነበረው ነው። መሬቱ ለቤቶች ግንባታ ሲወሰድ ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ሚልኬሳ ወደ ኮሪያ ለትምህርት በሄደበት ቀን በራችን ላይ ቆሞ «ምንጩን በፊርማ የሰጠ አባት» ብሏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ ይደውል ነበር፤ ለእሳቸው ግን ደውሎ አያውቅም።

«ቁልፉን ማለቴ ነው አባባ» አልኩ። «ሳጥን ውስጥ ቀስት የሚገባበት ሥዕል ያለበት።»

«እንደሱ አትዪም! ቁልፍ በይ እንጂ ምንጭ ምን አመጣው?»

ቀጥለውም፣ «ነገ ነይ። ብቻዬን አልችለውም» አሉኝ።

ሚልኬሳ ከሞተ አምስት ወር ሆኖታል። በድንገት ታሞ በሦስተኛው ቀን እዚያው አረፈ። ሬሳው መጥቶ ቀበርነው። በቅርቡ ደግሞ አብሮት የተማረው ፊራኦል ዕቃውን ይዞ መጣ፤ ሁለት ሻንጣና ከማደሪያው የወረደ ቴሌቪዥን። ከቴሌቪዥኑ ጋር አንድ ፍላሽ ነበር። ወንድሜ እዚያ ባሉ ኢትዮጵያውያን አማኞች ፊት ቆሞ የሰጠው ምስክርነት ተቀርጾበታል። አባቴ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያኖሩት ነበር። በስልኬ ላሳይዎት ብል እምቢ አሉ። በልጃቸው ቴሌቪዥን፣ በልጃቸው ድምፅ፣ ቁጭ ብለው መስማት ይፈልጋሉ። ምን ለመስማት እንደሚጠብቁ አልነገሩኝም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም። ስማቸውን ይጠራ እንደሆነ የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ካራ ስደርስ ጎረቤታችን ኤቢሳ እዚያው ነበር። ቴሌቪዥንና ዲሽ ይሠራል። አባቴ ሳይጠሩት አልቀሩም።

«በካራ ኮሪያኛ የሚያነብ ሰው ቢኖር ጫማውን እጠርግለት ነበር» አለኝ። «ሁሉም ነገር ክብና ዱላ ነው። ከክቡ ዱላ፣ ከዱላው ክብ!»

«አንተ ደግሞ ባለሙያ ነኝ ትላለህ» አሉት አባቴ። «ሥዕሉን አታይም? ሥዕል ኮሪያኛ አይናገርም።»

«ታዲያ እርስዎ ያናግሩት ጋሼ ኤጀታ!»

ኤቢሳ ሌላ ቤት ዲሽ ሊሰቅል ነበርና ሄደ። ከበር ሲወጣ «አገሩን ቀይሪው ሶሬቲ። ኮሪያ ከሚለው ወደ ኢትዮጵያ አምጪው፤ ቋንቋው አብሮ ይመጣል» አለኝ። ያን ምክር ባልሰማሁት።

ሪሞቱን ያዝኩ። የስልኬ ካሜራ ከተሰነጠቀ ስለቆየ ጽሑፉን አንስቼ ማስተርጎም አልቻልኩም። ያለን ሥዕሉ ብቻ ነበር። አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ለያንዳንዱ ስም አወጡለት። ቤቷን «ጎጆ» አሏት፤ ወደ መነሻ ገጽ የምትወስደው ናት። ጥርስ ያለውን ክብ፣ የቅንብሩን ቁልፍ፣ «የወፍጮ ጥርስ» አሉት። ወደ ኋላ የሚመልሰውን የታጠፈ ቀስት «ማጭድ» አሉት።

ፍላሹን ከአባቴ ተቀብዬ ሰካሁና ቀስት የሚገባበትን ሳጥን ተጫንኩ። ከታች የተደረደሩ ሥዕሎች መጡ። በቀኝ ጫፍ ያለው የፍላሽ ሥዕል ነበር። ወደ እሱ ሄጄ መሐል ያለውን ቁልፍ ስጫን የፋይሉ ሥዕል ወጣ፤ ከፈትኩት።

ሚልኬሳ መጣ፤ ግን ጨለማ ውስጥ የቆመ ይመስል ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ። «እሱ ነው?»

«እሱ ነው አባባ።»

«ፊቱ የታለ?»

አቆምኩት። የወፍጮውን ጥርስ ስጫን በግራ በኩል የሥዕሎች ዓምድ ወጣ። የመጀመሪያው እንደ ፎቶ ፍሬም ያለ ነበር፤ የምስሉ ክፍል መሆን አለበት ብዬ ገባሁ። ከብዙ የኮሪያ ጽሑፍ መሐል አንዲት ትንሽ ፀሐይ አየሁ። ከጎኗ ያለው መስመር ወደ ታች ተገፍቶ አሥራ ሁለት ላይ ነበር። በቀኝ ቀስት ወደ ሰማንያ ወሰድኩት። ክፍሉ በራ። የወንድሜ ፊት፣ የአንገቱ ጠባሳ፣ የሸሚዙ እጥፋት ሁሉ ታየ። ፊራኦል እንዳለኝ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነው ነበር የሚኖሩት። ሌሎቹ ሲተኙ ብርሃኑን ቀንሶ ያይ ነበር ማለት ነው።

ቪዲዮውን መልሼ አስጀመርኩት፤ የቀረው ድምፁ ነበር። የድምፁን መደመሪያ ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩ። ከታች ቁጥሩ እየጨመረ መጣ፤ ከጎኑ የነበረው ግን የድምፅ ማጉያው የጡሩንባ ሥዕል አይደለም፤ ጭንቅላት ላይ የሚደፋ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ይህን ያየሁት ከሰባተኛው ወይም ከስምንተኛው ጊዜ በኋላ ነው። ድምፁ በሌለ ማዳመጫ እየወጣ ነበር። ተመልሼ ዓምዱ ላይ ሁለተኛውን፣ ጡሩንባውን፣ መረጥኩ። በገባሁበት ዝርዝር ውስጥ ነጥቡ የነበረው ማዳመጫው ያለበት መስመር ላይ ነው። ነጥቡን ከላዩ ወዳለው የቴሌቪዥን ሥዕል አዛወርኩት።

«...ይመስገን» አለ ሚልኬሳ፣ ድንገት፣ ክፍሉን ሙሉ።

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቪዲዮውን ወደ መጀመሪያው መለስኩት።

ምስክርነቱ አሥራ አራት ደቂቃ ነበር። በልጅነታችን ስለሞተችው እናታችን ተናገረ። ስለ እኔ ተናገረ፤ የመጀመሪያ ደመወዜን ከፍዬ ጃኬት እንደላክሁለት። ቀበና የነበረውን የጸሎት ቡድን አመሰገነ። ስለ ማሳው፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ውሃው ሁሉ ተናገረ። «ያደግሁበት ቦታ ዛሬ የለም» አለ። አባቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ጠበቁ። ወንድሜ «አሜን» ብሎ ወረደ፤ ምስሉ ቆመ። «አባቴ» አላለም። አንድ ጊዜም።

ሪሞቱን በእጄ አገላበጥኩት።

አባቴ «ጎጆዋን ተጫኚ» አሉ።

ተጫንኩ። በመነሻው ገጽ ቀኝ ጥግ ላይ ሰዓትና የሚልኬሳ ትንሽ የአካውንት ፎቶ አሉ። አባቴ የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ።

«ዘጠኝ ከሃምሳ። እዚያስ?»

«9:50።»

«አየሽ?» አሉ። ከመጣሁ ጀምሮ ፊታቸው ፈገግ ያለው ያኔ ብቻ ነበር። «በቀደም ነው ያየሁት። ፈረንጅ ሰዓቱን እንደኛ አይቆጥርም። በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ለማን ብሎ ነው? እዚያ ላሉት ኮሪያዎች ነው? ለኔ ነው። ሊያመጣልኝ ነበር።»

እኔም አመንኳቸው። ልጅ ሆኖ የግድግዳ ሰዓታችንን የሚሞላው ሚልኬሳ ነበር።

«አሁን ይሄን ጽሑፍ ወደምናውቀው አድርጊልኝና ሂጂ» አሉ። «ሁልጊዜ አንቺን ከሥራ አልጠራሽም።»

የኤቢሳን ምክር አስታወስኩ። ቴሌቪዥኑን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኘሁ። የወፍጮውን ጥርስ ተጭኜ ዓምዱን ወደ ታች ወረድኩ። ውስጥ ለውስጥ ስፈልግ መስመር የተሰመረበት ኳስ አገኘሁ። አባቴ «ዱባው!» አሉ። ዱባው የአገሮችን ዝርዝር ከፈተ። «ኢትዮጵያ» በኮሪያኛ እንዴት እንደሚጻፍ ስልኬ ላይ ጻፍኩና፣ ፊደል በፊደል እያመሳሰልኩ ዝርዝሩን ወረድኩ። አምስቱም ፊደል ሲገጥምልኝ መረጥኩት። አንድ ሳጥን ብቅ ብሎ ረጅም ነገር ጠየቀኝ። ማንበብ አልቻልኩም። ከሁለቱ ቁልፎች የግራውን ተጫንኩ።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ቆየ። ተመልሶ ሲበራ ጥግ ላይ የነበረው የሚልኬሳ ትንሽ ፎቶ፣ የገባበት አካውንት፣ የለም። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሆኗል። ሰዓቱ 4:17 ይላል።

አባቴ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። አሥር ከአሥራ ሰባት። እንደገና ቴሌቪዥኑን አዩ።

«ሰዓቱን ምን አደረግሽው?»

ስልኬን ተመለከትኩ። 4:17። ያኔ ሁሉም ገባኝ። ኮሪያ ከእኛ በስድስት ሰዓት ይቀድማል። የእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሲሆን እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ ዘጠኝ ነው። ሚልኬሳ ምንም አልሞላም። ሰዓቱ እዚያ ላሉት ኮሪያዎች የተሞላ፣ ከፋብሪካው እንደመጣ የኮሪያ ሰዓት ነበር።

«ሶሬ፣ እሱ የሞላውን ሰዓት አበላሸሽብኝ?»

ልነግራቸው እችል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ እንዲህ ያለውን ነገር እንዳስረዳቸው ነው። አፌን ከፈትኩ። ባርኔጣቸው ገና ጉልበታቸው ላይ ነበር።

«ተሳስቼ ነው አባባ» አልኩ። «እመልሰዋለሁ።»

«ፎቶውስ?»

«ፎቶው አይመለስም።»



ዱባውን እንደገና ከፈትኩ። አገሩን ወደ ኮሪያ መለስኩት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ በራ፤ ጽሑፉ ተመልሶ ክብና ዱላ ሆነ። ጥግ ላይ 10:31 የሚል ወጣ። አባቴ ከእጃቸው ሰዓት ጋር አስተያዩትና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ከዚያ በኋላ የትኛው ሥዕል ምን እንደሆነ እሳቸው ባወጡት ስም በወረቀት ላይ ሣልኩላቸው፤ ዱባውን ብቻ ተውኩት። ወረቀቱን ከቴሌቪዥኑ ሥር በፕላስተር ለጥፌ በመጨረሻው ታክሲ ወደ ጉርድ ሾላ ተመለስኩ።