የሁለት ሰው ሸክም

ጎረቤቴ የመጋዘን ጫኝ ነው። ወገቡን ተጎድቶ የሦስት ሳምንት የሕመም ፈቃዱን ሲጨርስ፣ ሐኪሙ «ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል፤ ለስድስት ሳምንት ግን ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሳ» ብሎ ጻፈለት። አለቃውም ወንበርና መዝገብ ሰጠው።

«ሹመት ያዳብር!» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

«አብሮኝ የሚጭነው ጓደኛዬ ብቻውን ቀረ» አለኝ። «ሰው ጨምርለት ብዬ ብጠይቀው፣ አለቃዬ ‹ደብዳቤው የሚለው ስላንተ ወገብ እንጂ ስለሱ አይደለም› አለኝ።»

ትናንት ከሥራ ሲመለስ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ምነው፣ ሹሙ?»

«ጓደኛዬን ወገቡን ያዘው። የሕመም ፈቃዱን ሚስቱ ይዛ መጣች፤ አስር ቀን ይላል። ተቀብዬ መዘገብኩት።»

«እሷንስ ምን አልካት?»

«‹እዚህ ጋ ፈርሚ› አልኳት።»