ቢጫ ልብ ለፋርማሲስቷ

ጋሽ ብሎን መካኒክ ነው። ስሙን ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ አንዲት ብሎን ከጠፋችበት እሷን ሳያገኝ ከመኪና ሥር አይወጣም። ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከሰው ጋር ወሬ አይሆንለትም፤ ሞተር ከከፈተ ግን ሲያባብለውና ሲቆጣው ይውላል።

ዘመናዊ ስልክ የገዛችለት የእህቱ ልጅ ናት፣ ፀጉር ቤት ያላት። መልእክት መጻፍ ስታለማምደው ከስልኩ ትናንሽ ሥዕሎች መሀል ቀይዋን ልብ አገኘና ወደዳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ፊደል ከመልቀም አንዴ ነካ ማድረግ ይቀላል። ከዚያ ወዲህ ለማንም ይሁን ለማን ቀይ ልብ ሆነ። «መኪናዎ አልቋል፣ ይውሰዱት»፣ ቀይ ልብ። «ራዲያተሩ ያፈሳል»፣ ቀይ ልብ።

አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ ትከሻው በሩን የሚያክል ሰውዬ ቆመ። የመለዋወጫ ዕቃ ሻጯ ባል ነው። የሚስቱን ስልክ ይዟል።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አለና አነበበለት። «የሰጠሽኝ በጣም ተስማምቶኛል። ሌላ ጊዜም ካንቺ ውጪ አልሄድም።» ቀጥሎ ስልኩን አዙሮ ቀዩን ልብ አሳየው።

«የፍሬን ሸራ ነው» አለ ጋሽ ብሎን።

«ልቡስ?»

ጋሽ ብሎን ሸራው የተገጠመለትን መኪና ጎማ አውልቆ ለሰውዬው አሳየው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። ሸራው እውነትም ጥሩ ነበር። «በሉ ከእንግዲህ በቃል ብቻ ይጻጻፉ» ብሎ ሄደ።

ጋሽ ብሎን እጁን እንኳ በቅጡ ሳይታጠብ ወደ እህቱ ልጅ ፀጉር ቤት ገሰገሰ። ልጅቷ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። የሆነውን ሲነግራት ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ጋሼ፣ አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ቀይ የፍቅር ነው። ባልና ሚስት፣ እጮኛሞች ይላላኩታል። ለእናትም ለልጅም ይሆናል፤ እኔ ለእናቴ ቀይ ብልክ ማንም አይጠረጥረኝም። ለሰው ሚስት ግን አይሆንም። ቢጫ የጓደኛ ነው፤ ደስ ብሎኛል፣ ወዳጄ ነሽ እንደማለት። ሰማያዊ እምነት ነው፣ እርጋታ። ወንዶች እርስ በርስ ቀይ መላክ ሲያፍሩ እሱን ይላላካሉ።»

«ጥቁርስ?»

«ኀዘን። ወጣቶቹ ለቀልድና ለዝነጣ ይልኩታል፤ ባንተ ዕድሜ ግን ኀዘን ነው።»

«ወይን ጠጁ?»

«አድናቆት። የዘፋኝ አድናቂዎች ይወዱታል።»

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት አንገቷን አወጣች። «አይደለም። እኔና ባለቤቴ ወይን ጠጅ የምንላላከው ስንናፍቅ ነው።»

«እሱ የእናንተ ቤት ደንብ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ታዲያ ልብ የሚላከው ከቤት ወደ ቤት አይደል?» አለች ሴትዮዋ፣ ተመልሳም ካስኩ ውስጥ ገባች።

ጋሽ ብሎን ሕጉን እንደ ትራፊክ ምልክት ሸመደደው። ለጋራዡ ልጆች «ጎማውን አምጡት» ብሎ ሰማያዊ ላከ፤ አንዱንም ቅር አላለውም። ጥቁሩ ግን ጉድ አፈላ። ታላቅ እህቱ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ «የስንት ዘመን ማቀዝቀዣዬ ዛሬ ጸጥ አለ» ብላ ጻፈች። ጋሽ ብሎን አዘነላትና ጥቁሩን ልብ ፍለጋ ገባ። እሱ እስኪያገኘው የአጎታቸው ልጅ የእናታቸውን፣ የእማማን፣ ፎቶ ለጠፈ። ጥቁሩ ልብ ያለ አንዲት ቃል ከእማማ ፎቶ ሥር ዱብ አለ።

ስልኩ ሁሉ ጮኸ። አንዷ የሩቅ ዘመድ እያነባች ወደ እማማ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሱት እማማ ራሳቸው ናቸው።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉ።

«እማማ» አለች ሴትዮዋ በሳግ፣ ድምፃቸውን ሳትለይ።

«የቷ እማማ?» አሉ። ሞቱ የተባሉት ራሳቸው መሆናቸው ሲነገራቸው «ልጄን ጥሩልኝ» አሉ። ጋሽ ብሎን በዚያ ዕድሜው ቆሞ ተገሠጸ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የፋርማሲስቷ ነገር የመጣው። ፋርማሲዋ ከጋራዡ ፊት ለፊት ነው። እሷም ባሏ የሞተባት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ መድኃኒት ስትሰጥ አወሳሰዱን ደግማ የምታስረዳ። መኪናዋ አልነሳ ሲላት የጠገነላት እሱ ነው። ማታ መልእክት ላከችለት፦ «እንደርስዎ ያለ ሰው አላየሁም።» ከሥሩ ወይን ጠጅ ልብ።

ጋሽ ብሎን መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። ልቡ ቀይ ላክ ይለዋል። የሻጯ ባል ትከሻ ግን ዓይኑ ላይ ድቅን አለበት። አደጋ የሌለው ይሻላል ብሎ ቢጫ ላከ።

መልሱ ወዲያው መጣ። «እሺ ወንድሜ።»

ወንድሜ የሚለው ቃል እግር ላይ እንደወደቀ የመኪና ማንሻ ክሪክ አመመው። በማግስቱ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። የእህቱ ልጅ ነገሩን ስትሰማ መጥረጊያውን ጣለች።

«ቢጫ? ወይን ጠጅ ለላከችልህ ሴት?»

«አድናቆት ነው ብለሽኛል እኮ። እኔ ዘፋኝ ነኝ እንዴ?»

«ሂድና በአፍህ ንገራት። ስልኩን እዚህ ተውልኝ።»

ተወላት። ቱታውን አውልቆ ሸሚዝ ለበሰና መንገዱን ተሻገረ። ፋርማሲው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ብሎን ከኋላቸው ተሰለፈ፤ ተራ መጠበቁ ግን ድፍረቱን እየበላበት መጣ።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው በሽማግሌው ትከሻ በኩል።

«ቢጫው ስህተት ነው» አለ።

«ምኑ ቢጫ?» አሉ ሽማግሌው።

«የላክሁልሽ ልብ» አለ ጋሽ ብሎን፣ አንቺ ማለቱን ሳያውቀው። «ቀይ ልልክ ፈራሁ። ባለፈው ቀይ ልኬ የሰው ባል መጣብኝ።»

ፋርማሲስቷ የያዘችውን ብልቃጥ አስቀመጠች። «የማን ባል?»

ስለ ፍሬን ሸራው ነገራት። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ኋላ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መደርደሪያው ዞረች፣ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እኔም ፈርቼ ነው» አለች። «ቀይ ብልክልህ ትሸሻለህ ብዬ፣ ቢጫው ደግሞ ሐሰት ሆነብኝ። ወይን ጠጅ የላክሁት መሀል ላይ ያለ መስሎኝ ነው። ቢጫ ሲመጣ፣ በቃ ጓደኛዬ ሁኚ አለኝ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ።»

«ወንድሜ ያልሽኝ ለዚያ ነው?»

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጄ፣ ስማችሁን ተስማምታችሁ ስትጨርሱ የእኔን ሳል አስቢልኝ።»

ሳላቸውን አሰበችላቸው፤ አወሳሰዱንም ሁለቴ አስረዳቻቸው። ያን ዕለት ፋርማሲው ሲዘጋ ሻይ ጠጡ። ዓመቱ ሳይሞላም ቤታቸውን አንድ አደረጉ።

አሁን የሚላላኩት ቀይ ነው፣ ወይን ጠጁም አልቀረም፤ የእሱን ትርጉም ለማንም አይናገሩም። ጭቅጭቅ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ብሎን ከጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ሳለ «ምሳ አብረን እንብላ?» ብላ ጻፈችለት። በአንድ ንጹሕ ጣቱ «እሺ» ብሎ መለሰ። ወዲያው ደወለች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ምነው?»

«ልብ የለውማ።»

«እጄ ግሪስ ነው።»

«እሺ፣ ስትታጠብ ላክልኝ» አለችና ዘጋች።