በአዳራሹ የተሳቀው ሳቅ

ጸሐፊዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ምንም ሳታይ ተመልሳ ተቀመጠች። የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም በጉባኤ ያደረጉት ንግግር ለአዳዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ ቪዲዮ ሊሆን ነው። ከጉባኤው የተረፈው ድምፅ ብቻ በመሆኑ፣ ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ በስቱዲዮ እንደ ገና ይናገራሉ፤ ስክሪፕቱን የምታዘጋጀው እርሷ ናት። "ክቡራን እንግዶች" የሚለውን ሰርዛለች፤ "ከፊቴ የተቀመጡት ባልደረባዬ" የሚለውን "አንድ ባልደረባዬ" ብላዋለች። ተመልካቹ አዳራሹን አያይምና፣ ሌሎች በዓይናቸው ያገኙትን እርሱ ከቃል ማግኘት አለበት።

አንድ ስፍራ ግን እሺ አላላትም። ዶክተሩ፣ "እጁን ሳይታጠብ ታካሚ ነክቶ የሚያውቅ እጁን ያንሣ" ይላሉ። ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ ሳቅ፤ ከዚያም የዶክተሩ ድምፅ፦ "አያችሁ? እንቀጥል።" ጸሐፊዋ፣ "አዳራሹ በሙሉ እየሳቀ እጁን አነሣ" ብላ ጽፋ ነበር፤ ዶክተሩም አንብበው "ግሩም" ብለዋታል። ልቧ ግን አላረፈም። በዚያው ሆስፒታል ነርስ ለሆነችው ታላቅ እህቷ ደወለች።

"ጉባኤው ላይ ስንት ሰው ነው እጁን ያነሣው?"

"ሌላ የምትጠይቂው አጣሽ?"

"ሥራዬ ነው፤ ንገሪኝ።"

"አንድ ሰው።"

"ማን?"

"ሞኟ እህትሽ። የተሳቀውም በእኔ ነው። ዛሬም በኮሪደሩ ሳልፍ 'ሳሙና ይዘሻል ወይ?' ይሉኛል።"

"ታዲያ ለምን አነሣሽ?"

"ጠየቁና! ምን ላድርግ?"

ጸሐፊዋ የጻፈችውን መስመር ሰረዘች። ባለቤቱ ያልታየ ሳቅ ያለበሱትን ሁሉ ይለብሳል፤ እርሷም የፌዝን ሳቅ የፍቅር ልብስ አልብሳው ነበር።

"ስምሽን አልጽፍም" አለች።

"እውነቱን ጻፊ እንጂ ስሜስ የትም አይሄድ።"

በስቱዲዮው ዶክተሩ አዲሱን ገጽ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ያኛው ምን ጎደለው? ከተመልካቹ አዳራሹን ያየ የለ፤ ማን ይመሰክርብናል?"

"ማንም። ያላየ ሰው ግን በእኛ ዓይን ነው የሚያየው፣ ዶክተር።"

"በሠራተኞቼ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?"

"እስካሁን የተዋረደችው አንዲት ነርስ ናት።"

"ታውቂያታለሽ?"

"የእናቴ ልጅ ናት።"

ዶክተሩ ገጹን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። ወደ በሩም አዩ። ጸሐፊዋ ሥራዋ በዚያው በር ሲወጣ የታያት መሰላት። እርሳቸው ግን ሄደው ካሜራው ፊት ቆሙ።

"ይህን ጥያቄ በጉባኤ ጠይቄ ነበር። አንዲት ነርስ ብቻ እጇን አነሣች፤ ሳቅንባት። አሁን ብቻህን ነህ፤ የሚስቅብህ የለም። እጅህን ሳትታጠብ ታካሚ ነክተህ ታውቃለህ?"

ስክሪፕቱ ከዚህ በኋላ "ዝምታ" ይላል። ዶክተሩ በዝምታው መካከል ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

"ዶክተር፣ ይቅርታ" አለ ካሜራማኑ። "እጅዎ ከምስሉ ወጥቷል፤ ትንሽ ዝቅ ያድርጉትና እንድገመው።"

"አንተ ካሜራህን አርቀው" አሉ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ።