ኢዮስያስ ያመጣው ፎቶ

ከሁለት ዓመት በፊት ተማሪዬ ኢዮስያስ፣ አቅልጦ በፍጥነት ያቀዘቀዘውን የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ አመጣልኝ። ኤሌክትሮኖቹ ቅይጡን አልፈው የሠሩት የነጥብ ንድፍ ነው፤ መሃሉን አሥር ነጥቦች ከበውታል፣ ከእነሱም ውጭ ሌሎች ተደርድረዋል።

"ክሪስታል የክብ አንድ አምስተኛ ሲዞር ያው አይመስልም፤ አምስት እጥፍ ሲሜትሪ የለውም። ሥርዓት ኖሮት ራሱን የማይደግመው ኳሲክሪስታልም እንዲህ በዋዛ አይሠራም። ተጣብቀው ያደጉ ተራ ክሪስታሎች ናቸው፤ ድገመው!" አልኩና እንደ ልማዴ ጀርባው ላይ በቀይ ፈርሜ መለስኩለት።

ደገመው፤ ያው መጣ። አሁንም አስደገምኩት። በመጨረሻ ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ትምህርቱን ተወ።

ዛሬ ቢሮዬን ስለቅ አገኘሁትና በማስመሪያ ለካሁት። የተራ ክሪስታል ነጥቦች ከመሃል ወደ ውጭ በእኩል ርቀት ይደረደራሉ፤ ተጣብቀው ቢያድጉም የእያንዳንዱ ክሪስታል ነጥቦች እንደዚያው ናቸው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ከመሃል ያለው ርቀት የቀዳሚውን 1.62 እጥፍ ነው፤ ይህ የኳሲክሪስታል መለያ ቁጥር ነው። ኳሲክሪስታል ነበር።

ምንም አልተሰማኝም።

ኢዮስያስ አሁን ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው። ደውዬ ነገርኩት።

"አውቃለሁ፣ ዶክተር" አለኝ። "ያኔም ለክቼው ነበር። ጀርባው ላይ ጽፌልዎታለሁ እኮ።"

ገለበጥኩት። ልኬቱ ሁሉ በእርሳስ ተጽፏል። በላዩ ላይ የእኔ ቀይ ፊርማ ተጋድሟል።