ጋሽ ኑርሁሴን በእስክሪብቶ ሲያሳዩ

የሒሳብ መምህራችን ጋሽ ኑርሁሴን ወደ ባቲ ተዛውረው በዚያ ቀን ከሰዓት ሊሄዱ ነበር። ምትክ አልተመደበም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ባዶ እጃቸውን ፈተና እንዳይገቡ፣ ያስቸገራቸውን የግራፍ ትምህርት በቪዲዮ ትተውላቸው እንዲሄዱ ተስማማን። ቀረጻው ለእኔ፣ ለኮምፒውተር መምህሯ ደረሰኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ስክሪኑን ይቀርጻል፣ ማይኩ ድምፅ ይይዛል፣ የፕሮግራሙ ማጉያ፣ ዙሙ፣ ደግሞ የማውሱን ቀስት እየተከተለ የቆመችበትን ቦታ ያጎላል። ይህን ነገርኳቸው። «ቶሌ፣ ይሁን» አሉ።

ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ድምፃቸው የጠራ ነው፤ አይቸኩሉም፣ አይንዛዙም። ሲጨርሱ ከፍቼ አየሁት። ቀስቷ ከስክሪኑ ጥግ አልተነቃነቀችም። ዙሙም ታማኝ ነውና፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የቆሻሻ መጣያዋን ምልክት በሬ አሳክሎ አጉልቶ ይዟል። ከኋላ «ይቺን ልብ በሉ፣ ቨርቴክሷ ይቺ ናት፣ የኩርባው የታችኛው ጫፍ» ይላሉ። ከዚያ ቋ፣ ቋ። ስክሪኑን በእስክሪብቶ እየመቱ ነበር ያስተማሩት።

«ጋሼ፣ እስክሪብቶው አይቀረጽም።»

«እኔ እኮ በደንብ ነክቻታለሁ።»

«ቢነኩትም። በማውሱ ነው እንጂ።»

ማውሱን ሲይዙ ምላሳቸው ታሰረ። ሲናገሩ እጃቸው ይቆማል፤ እጃቸው ሲሄድ ቃሉ ይጠፋል። እስክሪብቶውን ብቀማቸው በጣታቸው ቀጠሉ። ወደ ባቲ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ሹፌር ውጭ ጥሩምባ ይነፋል።

በመጨረሻ እኔ ማውሱን ልያዝ፣ እርስዎ ይምቱ አልኩ። በእስክሪብቶ ይነካሉ፣ እኔ ቀስቷን ይዤ እሮጣለሁ። ደህና ሄደ። በቅንፍ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ በስኩዌር፣ ሲደመር ሁለት የሚለው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ሳያሳርፉ «ቨርቴክሱ የት ነው?» አሉ። እኔም ልቅደም ብዬ ቀስቷን ኔጌቲቭ ሦስት ላይ ወሰድኳት። ዙሙ አጎላት።

«ነፃነት፣ ተኝተሻል እንዴ? ምልክቷን አይተሽ ተታለልሽ። ቅንፉን ዜሮ የሚያደርገው የትኛው ነው? ሦስት ሲቀነስ ሦስት አይደለም? እንግዲያው ፖዘቲቭ ሦስት። ነይ ወደ ቀኝ። ነይ። እህ፣ ወላሂ ይቺ ልጅ።»

ቀስቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ይህንን እቆርጠዋለሁ» አልኩ።

«ከቆረጥሽው ትምህርቱ የት ይቀራል?» አሉና ሻንጣቸውን አንስተው ወጡ።

ተመልሼ ደጋግሜ አየሁት። ስድቡ ከማብራሪያው ጋር ተጠላልፏል፤ አንዱን ስነቅል ሌላው ይነቀላል። እንዳለ ለልጆቹ ላኩት።

ልጆቹ ከፈተናው ሲወጡ ዘይቱና የምትባለዋ ተማሪ ግቢው በር ላይ አገኘችኝ።

«ቲቸር፣ መጣች እኮ ያቺ ጥያቄ።»

«የትኛዋ?»

«እርስዎ የተሳሳቷት። ሁላችንም በትክክል ሠራናት።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቪዲዮው ግን ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ኖሮ፣ ሰላምታውን ያበዙት የማላውቃቸው የሌላ ክፍል ልጆች ናቸው። ባለፍኩበት ሁሉ «ወደ ቀኝ» ይሉኛል።